«ማች ካት» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም

የፊልም ኤዲቲንግ ከመጀመሬ በፊት ስክሪፕቱን አነባለሁ። ጸሐፊው ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው እንዴት ሊሻገር እንዳሰበ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሽግግሩ ስም ተጽፎ ምስሉ ሳይጻፍ ይቀራል። እኔ ጋ ከደረሰ ደግሞ ጊዜው አልፏል፣ ቀረጻው አልቋል።

ቀላሉን ላስቀድም። በየትዕይንቱ መጨረሻ «ካት ወደ» እያላችሁ አትጻፉ። አዲስ የትዕይንት ርዕስ ከመጣ መቆረጡን ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ስታበዙት የምር የታሰበበት ሽግግር ሲመጣ የሚያስተውለው ሰው አይኖርም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ማች ካት ላይ ነው። ማች ካት ማለት የመጀመሪያው ትዕይንት የመጨረሻ ምስልና የሁለተኛው ትዕይንት የመጀመሪያ ምስል በቅርጽ ወይም በእንቅስቃሴ ሲገጥሙ ነው። እናት ጎንደር ናት፣ ልጇ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች እንበል። ስክሪፕቱ «እናት ቡና ትቀዳለች፤ ማች ካት ወደ፦ ልጅቷ ልብስ ታጥባለች» ይላል። ታዲያ ምኑ ነው የገጠመው? ካሜራማኑ እናትየዋን ከጎን ይቀርጻል፣ ልጅቷን ከበር ላይ ሆኖ ይቀርጻል። ሁለቱ ሲቀጠሉ ተራ ቁርጥ ናቸው።

እንዲህ ቢጻፍስ?

ትዕይንት 12፤ ውስጥ፤ የእናት ቤት፣ ጎንደር፤ ቀን
ሲኒው ከላይ ይታያል። ክብ አፉ የፍሬሙን መሃል ይሞላል። እናት በማንኪያ ስታማስለው ቡናው ወደ ቀኝ ይሽከረከራል።

ማች ካት ወደ፦

ትዕይንት 13፤ ውስጥ፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ዱባይ፤ ቀን
የማጠቢያ ማሽን ክብ መስኮት፣ በሲኒው ቦታና በሲኒው መጠን። ውስጡ ልብስ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል። መስታወቱ ላይ የልጅቷ ፊት ይታያል።

አሁን ቅርጹ፣ ቦታው፣ መጠኑና የሚዞርበት አቅጣጫ ወረቀቱ ላይ አለ። የሽግግሩ ስም ለብቻው መስመር ይዞ ወደ ቀኝ ዳር ይጻፋል። ሁለቱ ትዕይንቶች በተለያየ ሳምንት ሊቀረጹ ስለሚችሉ፣ ሁለተኛውን ስትቀርጹ የመጀመሪያውን ምስል ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። መጠኑ ትንሽ ቢዛነፍ ኤዲተሩ አጉልቶ ያስተካክለዋል። ካሜራው የቆመበት አንግል ከተዛነፈ ግን መላ የለውም።

ሌላው ስህተት «ካት ኦን አክሽን» ብሎ ስክሪፕት ላይ መጻፍ ነው። ይሄ በአብዛኛው በአንድ ትዕይንት ውስጥ፣ እንቅስቃሴው መሃል ላይ እያለ ከሾት ወደ ሾት መቁረጥ ነው። አይን እንቅስቃሴውን ስለሚከተል መቆረጡን ልብ አይልም። የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ኤዲተሩ ነው። የጸሐፊው ድርሻ እንቅስቃሴውን በግልጽ ማስቀመጥ ነው፦ «ወንበሩን ገፍታ ትነሳለች» ካለ በቂ ነው። የመቁረጡ ማስታወሻ የሚገባው የዳይሬክተሩ የሾት ዝርዝር ላይ ነው። እዚያ «መነሳቱ በሁለቱም ሾት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀረጽ» ብሎ ይጻፍ። አንድ ጊዜ የደረሰኝ ሥራ ላይ ተዋናይዋ በሰፊው ሾት በቀኝ እጇ፣ በቅርቡ ሾት በግራ እጇ ወንበሩን ገፍታ ነበር። መቁረጫ ቦታ አጥቼ መነሳቷን ጨርሶ ለማውጣት ተገደድኩ።

ዲዞልቭ ላይ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ጊዜ ባለፈ ቁጥር እሱን መጥራት ልማድ ሆኗል። ዲዞልቭ ሁለቱ ምስሎች ለትንሽ ጊዜ ተደራርበው የሚታዩበት ሽግግር ነው። ስለዚህ ሲደራረቡ የሚፈጠረውን ምስል ስትፈልጉት ጻፉት። ጊዜ ማለፉን ለመንገር ብቻ ከሆነ የደረቀ ማሳ ወይም ያደገ ልጅ ይበቃል። በ1962 የወጣው የዴቪድ ሊን «ሎሬንስ ኦፍ አረቢያ» ላይ ሎሬንስ እፍ ብሎ ከሚያጠፋው ክብሪት ወደ በረሃው ፀሐይ መውጫ የሚደረገው ሽግግር የታሰበው በዲዞልቭ ነበር። ዲዞልቩ ገና ሳይሠራ ሁለቱ ሾቶች በቀጥታ ተቀጥለው ሲታዩ ግን የበለጠ ጉልበት ነበራቸው። ዳይሬክተሩና ኤዲተሯ አን ኮትስ በቀጥታ ቁርጥ አስቀሩት።

ዲዞልቭ ካስፈለጋችሁ ግን ትርፍ ምስል ይጠይቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም እየቀረጻችሁ የ2 ሰከንድ ዲዞልቭ መቁረጫው መሃል ላይ ቢቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ ሾት ቢያንስ 25 ትርፍ ፍሬም ያስፈልጋል። ዳይሬክተሩ ተዋናዩ እንደጨረሰ ወዲያው «ካት!» ካለ ያ ትርፍ የለም። ስለዚህ ዲዞልቭ የተጻፈበት ትዕይንት ላይ ተዋናዩ ከጨረሰ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ቀጣዩን ትዕይንት ስትቀርጹም ካሜራው መቅረጽ ከጀመረ በኋላ እንደዚሁ ቆጥራችሁ ነው «አክሽን» የምትሉት።