«ባይገብሩ ኖሮስ?» የሚል የታሪክ ጥያቄ ሲመጣ

ጅማ ውስጥ ታሪክ የሚማር ሰው አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም፦ «ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ባይገብሩ ኖሮ ምን ይከሰት ነበር?» ጅሬን ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከኮረብታው ላይ ስለሚታይ ጥያቄው ለእኛ ቅርብ ነው። ቅርብ መሆኑ ነው አደጋው። ብዙ ጊዜ የማነበው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ዛሬ ራሷን የቻለች ሀብታም አገር ትሆን ነበር።» ከጎኑ «በምን ታወቀ?» ብዬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ምርጫው በእርግጥ የነበረ መሆኑን አሳዩ። አባ ጅፋር የገበሩት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። እምቢ ማለት ይቻል ነበር? አዎ፤ ጎረቤቶቻቸው እምቢ ብለዋል። ወላይታ በንጉሥ ጦና፣ ከፋ በንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተዋግተዋል። ይህን ካላሳያችሁ የቀረው ጽሑፍ ምኞት ነው።

ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አባ ጅፋር እምቢ አሉ እንበል። የምኒልክ ጠመንጃ ግን አይጠፋም፤ በ1882 እምባቦ ላይ የጎጃምን ጦር ማሸነፋቸውም እንዳለ ይቆያል። ተማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሳያስቡት የጅማን ጦር ያጠናክራሉ፣ የሸዋን ያዳክማሉ።

ዋናው ሥራ ማነጻጸር ነው። የወላይታና የከፋ ነገሥታት በ1894 እና በ1897 ተሸንፈው ተማረኩ። ጅማ ግን ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን እስከ 1932 ድረስ ይዛ ቆየች። ማስረጃችሁ ይህ ልዩነት ነው። ልኩንም ተናገሩ፦ አባ ጅፋር ሲገብሩ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ወላይታ ሲወረር ግን ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሁለቱ ጊዜያት እኩል አይደሉም። ደግሞም የጅማ ጦር በከፋው ዘመቻ ከምኒልክ ጎን ተሰልፎ ነበር። ጅማ እምቢ ብትል ኖሮ ያ እገዛ ይጎድል ነበር፤ ስለዚህ የከፋም ዕጣ እንዳለ ይቀጥል ነበር ማለት አይቻልም።

አሁን ያን አንቀጽ እንደገና እንጻፈው፦ «አባ ጅፋር ባይገብሩ ኖሮ ጅማን ጦርነት ይገጥማት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ እምቢ ያሉት ወላይታና ከፋ የገጠማቸው ይኸው ነውና። ብትሸነፍ ደግሞ እስከ 1932 የቆየው የውስጥ ነፃነት ቀድሞ ይቀር ነበር። ታሸንፍ ነበር ወይ ለሚለው ግን የእምባቦው ውጤት የሸዋን ጉልበት ቢያሳይም መልሱን አይሰጥም።»

ለእያንዳንዱ «ነበር» ከፊቱ ወይም ከኋላው አንድ የታወቀ ድርጊት መኖሩን ቁጠሩ። ሁለት «ነበር» ተከታትለው ሲመጡና መሐላቸው ማስረጃ ሲጠፋ ሁለተኛውን ሰርዙት። ስለ ዛሬዋ ጅማ የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የሚወድቀው በዚህ ወንፊት ነው።