ሆስቲንግዎ ሲሞላ ዌብሳይትዎ እንዳይቆም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሆስቲንግ ሲገዙ አራት ቁጥሮች ጎልተው ይታያሉ፤ ስቶሬጅ፣ ባንድዊድዝ፣ የኢሜይል አካውንት ብዛትና በወር የሚያስተናግደው ጎብኚ። ብዙ ሰው እነዚህን አይቶ ይከፍላል። ዌብሳይቱን አንድ ቀን የሚያቆመው ገደብ ግን ብዙውን ጊዜ ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። እዚህ የማወራው ብዙዎቻችን ስለምንጠቀምበት፣ ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር ስለሚጋሩበት ሼርድ ሆስቲንግ፣ በተለይም ሲፓነል በሚባለው የማስተዳደሪያ ገጽ ስለሚተዳደረው ነው።

## ስቶሬጁን የሚሞላው ዌብሳይቱ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

10 ጊጋባይት የተሰጠው አንድ የዎርድፕረስ ሳይት እንውሰድ። ባለቤቱ ፎቶ ሊጭን ሲሞክር እምቢ ይለዋል። «ሳይቴ እኮ ትንሽ ነው፤ እንዴት ሞላ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሳይቱ ትንሽ ነው። በሲፓነል ውስጥ Disk Usage የሚለውን ሲከፍት የሚያገኘው ይህን ይመስላል። የሳይቱ ፋይሎች 1.6 ጊጋባይት፣ ዳታቤዙ 0.2፣ ኢሜይል 4.1፣ የባካፕ ፕለጊን ያጠራቀማቸው አራት ባካፖች 3.2፣ error_log የሚባል አንድ ፋይል ብቻውን 0.9። ድምሩ 10 ሞላ። ከዚህ ውስጥ ጎብኚ የሚያየው ሁለት ጊጋባይት እንኳን አይሆንም።

የኢሜይሉ ነገር ብዙ ሰው ያዘናጋል። መልእክት ከስልክዎ ላይ አጠፉ ማለት ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ጠፋ ማለት አይደለም። የተላኩ መልእክቶች ከነአባሪያቸው ይቀመጣሉ፤ የትራሽ ፎልደሩም ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ አካውንቱ ሲከፈት አብሮ የሚፈጠር አንድ የመልእክት ሳጥን አለ። በየጊዜው ራሳቸው የሚሠሩ ትዕዛዞች ሪፖርታቸውን እዚያ ይልካሉ፤ እንደ አደረጃጀቱም ወደማይታወቅ አድራሻ የተላከ ስፓም እዚያው ሊከማች ይችላል። ማንም ስለማይከፍተው ለዓመታት ሳይነካ ያብጣል።

ዲስኩ ሲሞላ የሚሆነው ነገር ደግሞ አሳሳች ነው። ሳይቱ ወዲያው ላይዘጋ ይችላል። የተዘጋጁት ገጾች ይከፈታሉ፤ ጎብኚም ምንም አያውቅም። የሚቆመው አዲስ ነገር መጻፍ ነው። ፎቶ አይጫንም፣ አንዳንዴ ሎግ ኢን አያደርግም፣ አዲሱ ባካፕ ግማሽ ላይ ይቀራል። ኢሜይልም አይገባም። የላኪው ሰርቨር ችግሩ ጊዜያዊ ነው ከተባለ ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ካልተሳካለት፣ ወይም ከመጀመሪያውም በቋሚነት እምቢ ከተባለ፣ «ሳጥኑ ሞልቷል» የሚል መልስ ለላኪው ይመልሳል። እርስዎ ጋ የሚደርሰው ዝምታ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ኢሜይል ያልመጣለት ቢሮ ሥራ ቀዘቀዘ ከማለቱ በፊት ኮታውን ቢያይ ይሻላል።

በዚህ ጊዜ ፕለጊን ማዘመን ወይም በፋይል ማናጀር ኮድ ማስተካከል ትልቅ ስህተት ነው። አዲሱ ፋይል የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ግማሹ ተጽፎ ወይም ጭራሽ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዲስክ መሙላት ብቻ የነበረው ችግር ያን ጊዜ የተሰበረ ሳይት ይሆናል። መጀመሪያ ቦታ ያስለቅቁ፣ ከዚያ ይንኩ።

ሲያስለቅቁም አንድ ወጥመድ አለ። በሲፓነል ፋይል ማናጀር የሚሰረዝ ፋይል፣ በቀጥታ ይጥፋ ብለው ካልመረጡ በቀር፣ `.trash` ወደሚባል ፎልደር ይዛወራል። እሱም ከዚያው ኮታ ላይ ይቆጠራል። ሦስት ጊጋባይት ሰርዘው ቁጥሩ አልወርድ ካለ መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ። በምሳሌያችን ላይ የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ባካፖቹን ወደ ራስ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሌላ ማከማቻ አውርዶ ከሰርቨሩ ማጥፋት፤ ሎጉን ማጥፋት፣ ግን መጨረሻው ላይ ያሉትን መስመሮች ካነበቡ በኋላ። 0.9 ጊጋባይት የደረሰ የስህተት ሎግ በየደቂቃው የሚያማርር ፕለጊን እንዳለ ይጠቁማል። እሱ ካልታረመ ፋይሉ ተመልሶ ይሞላል። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ብቻ 4.1 ጊጋባይት ይለቀቃል፤ ለኢሜይሉ ረጋ ብለው መምጣት ይችላሉ።

## «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል ማመን

ያልተገደበ ስቶሬጅ የሚሉ ፓኬጆች አብዛኛውን ጊዜ የፋይል ብዛት ይገድባሉ። በውሉ ውስጥ ኢኖድ ተብሎ ይጠራል። እያንዳንዱ ፋይል፣ እያንዳንዱ ፎልደር፣ እያንዳንዱ የኢሜይል መልእክት አንድ ኢኖድ ይይዛል። አንድ ኪሎባይት ይሁን አንድ ጊጋባይት ለውጥ የለውም።

ዎርድፕረስ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ሲጭኑ ሲስተሙ በተለያየ መጠን ስድስት ሰባት ተጨማሪ ቅጂ ያዘጋጃል፤ ቴምፕሌቱ የራሱን መጠን ከጨመረ ከዚያም ይበልጣል። 5,000 ፎቶ በስምንት ቢባዛ 40,000 ፋይል ነው። የተዘጋጁ ገጾችን የሚያስቀምጠው የካሽ ፕለጊን ለየገጹ ፋይል ይፈጥራል፤ ኢሜይሉም አለ። ገደቡ ሲነካ የሚመጣው መልእክት ዲስክ ሲሞላ ከሚመጣው ጋር አንድ ነው፤ ጊጋባይቱ ግን ገና ግማሽ ላይ ይሆናል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ተርሚናል ካለዎት የትኛው ፎልደር ፋይል እንደሚያበዛ ይህ ያሳያል፦

```
cd ~
du --inodes -d 1 | sort -n
```

የመጨረሻው መስመር የሁሉም ድምር ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ትልቁ ፎልደር ነው። ተርሚናል ከሌለ የሲፓነሉ መነሻ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የፋይል ብዛቱ ከገደቡ ጋር ተጽፎ ይገኛል።

## ባንድዊድዝን በገጽ ክብደት አለማስላት

ባንድዊድዝ በወር ውስጥ በሳይቱ የሚተላለፈው የዳታ መጠን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የገጹ ክብደት ሲባዛ በሚከፈቱት ገጾች ብዛት። ገጹ 2.5 ሜጋባይት ከሆነ፣ በወር 10,000 ጊዜ ቢጎበኝና በአንድ ጉብኝት ሦስት ገጽ ቢከፈት 75,000 ሜጋባይት፣ ማለትም ወደ 75 ጊጋባይት ነው። ብራውዘር ምስሎችን ስለሚያስቀምጥ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ቦቶች ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። መነሻ ገጹ ላይ ራሱ የሚጀምር 80 ሜጋባይት ቪዲዮ ካለ ግን 1,000 ጎብኚ ብቻ 80 ጊጋባይት ይበላል። ቪዲዮን በራስ ሆስቲንግ ላይ ማስቀመጥ፣ በእኔ እምነት፣ ለሼርድ ፓኬጅ ፈጽሞ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ሳይቱ በሙሉ ይዘጋና 509 Bandwidth Limit Exceeded የሚል ገጽ ይወጣል። የሚከፈተው ቆጠራው ሲታደስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ወይም ተጨማሪ ሲገዙ ነው። ሲፓነል ኢሜይልንና ኤፍቲፒንም አብሮ ይቆጥራል። ሙሉ ባካፕ በየቀኑ የሚያወርድ ሰው ይህን ልብ ይበል።

## የወር ጎብኚ ቁጥርን እንደ ዋስትና ማየት

በሼርድ ሆስቲንግ ላይ «በወር 25,000 ጎብኚ» የሚለው በአብዛኛው ግምት ነው። እውነተኛው ገደብ በአንድ ቅጽበት ስንት ጥያቄ አብሮ ይሠራል የሚለው ነው። ክላውድሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰርቨሮች ይህን Entry Processes ይሉታል። 20 የተለመደ ቁጥር ነው።

ሃያ ሰው ማለት ግን አይደለም። ቦታው የሚያዘው ፒኤችፒ ገጹን እያዘጋጀ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው። ገጹ በግማሽ ሰከንድ ከተዘጋጀ ሃያው ቦታ በሰከንድ 40 ገጽ ያስተናግዳል። በከባድ ፕለጊን ምክንያት አራት ሰከንድ ከፈጀ ግን በሰከንድ 5፣ በደቂቃ 300 ብቻ ነው። አሁን የሳይቱን ሊንክ ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፉት እንበል። በአንድ ደቂቃ 400 ሰው ቢከፍተው 100ው ቦታ ያጣል። ወሩን ሙሉ የመጣው ጎብኚ 3,000 እንኳን ሳይሞላ ሳይቱ 508 Resource Limit Is Reached ይላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ራሱ ይመለሳል። ሄድ መለስ የሚል 508 ካዩ ከባንድዊድዝ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

መድኃኒቱ ካሽ ነው። የተዘጋጀው ገጽ እንደ ተራ ፋይል ሲቀርብ ፒኤችፒ አይነሳም፤ ቦታም አይያዝም። ካሽ የማያግዛቸው ገጾች ግን አሉ፤ የግዢ ጋሪ፣ ፍለጋ፣ ሎግ ኢን ያደረገ ሰው የሚያየው ሁሉ። ቦቶችም `wp-login.php` እና `xmlrpc.php` ን እየደበደቡ ቦታውን ሊይዙት ይችላሉ። በሲፓነል Resource Usage ውስጥ የገደቡ ግጭቶች ከነሰዓታቸው ይታያሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየቀኑ የሚደገም ከሆነ የሰው ሥራ አይመስልም።

ለዎርድፕረስ ብቻ በሚቀርቡ ማኔጅድ ሆስቲንጎች ነገሩ ይለያል። እዚያ የጉብኝት ቁጥሩ የክፍያ መለኪያ ነው። ሲያልፍ ብዙዎቹ ሳይቱን ከመዝጋት ይልቅ ትርፉን ያስከፍላሉ። ቆጠራቸው ከሰርቨር ሎግ ስለሚነሳ ጉግል አናሊቲክስ ከሚያሳየው ሊበልጥ ይችላል።

## የኢሜይል አካውንት ብዛትን እንጂ የመላኪያ ገደቡን አለማየት

50 አካውንት ማለት 50 አድራሻ መክፈት ይቻላል ማለት ብቻ ነው። ቦታውን ሁሉም ከዚያው 10 ጊጋባይት ይካፈላሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ጊጋባይት ኮታ ቢሰጡም ያ ጣሪያ ነው እንጂ ለብቻው የተቀመጠ ቦታ አይደለም።

የባሰው የመላኪያው ገደብ ነው። ብዙ ሆስቲንጎች አንድ ዶሜይን በሰዓት ሊልክ የሚችለውን ይወስናሉ። 200 ነው እንበል። ለ1,500 ደንበኞች ማስታወቂያ በአንዴ ሲልኩ ከገደቡ ያለፈው ወይ ወረፋ ይይዛል፣ ወይ ይጣላል። የሚመለሰው መልእክት ይህን ይመስላል፦

```
Domain example.com has exceeded the max emails per hour
(200/200 (100%)) allowed. Message discarded.
```

በዚያው ሰዓት ፓስዎርድ ለመቀየር የጠየቀ ደንበኛም ሊንኩ አይደርሰውም፤ የትዕዛዝ ማረጋገጫም አይሄድም። ሁሉም ከአንድ ቋት ነው የሚቀዳው። ለብዙ ሰው የሚላክን ነገር ለዚሁ በተሠራ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት በኩል ማውጣት ይሻላል። ሳይልኩ ገደቡ ከሞላ ደግሞ የአንዱ አካውንት ፓስዎርድ ተሰርቆ ስፓም እየተላከበት ሊሆን ይችላል፤ በ Track Delivery ማን እንደላከ ይታያል።

## የትኛው ገደብ እንደተነካ ሳያውቁ ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት

ሲጨንቅ የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሻጩም አይከለክልዎትም። 508 እያየ ያለ ሳይት 50 ጊጋባይት ቢጨመርለት ጠብ የሚል ነገር የለም። አንዳንድ ሆስቲንጎች በርካሹና በውዱ ሼርድ ፓኬጅ ላይ ያው 20 Entry Processes ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ለድጋፍ ሰጪው አምስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ኢኖድ ስንት ነው? Entry Processes ስንት ነው? ሜሞሪ ስንት ነው? በሰዓት ስንት ኢሜይል ይላካል? ባንድዊድዝ ሲያልቅ ሳይቱ ይዘጋል ወይስ ትርፉ ይከፈላል? አሁን ያለዎት ፓኬጅ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ከጎኑ ይጻፉ። የተነካው ገደብ በሁለቱም ላይ አንድ ከሆነ ገንዘቡን ይያዙት።