ለአማካሪ የላካችሁት ረቂቅ ከድራይቭ እንዳይጠፋባችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ?

ጉግል ድራይቭ ላይ ባለ የወርድ ፋይል ላይ አዲሱን ስትጭኑበት አሮጌው ወዲያው አይጠፋም፤ ከጀርባ ይቀመጣል። ይህን ብዙ ተማሪ ያውቃል። ገደቡን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አሮጌው ቅጂ 30 ቀን ካለፈው፣ ወይም የተከማቹት ቅጂዎች 100 ከደረሱ፣ ድራይቭ ሊሰርዘው ይችላል። ረቂቅ ተቀብሎ በ30 ቀን ውስጥ አንብቦ የሚመልስ አማካሪ ደግሞ ያለው ሁሉ ዕድለኛ ነው።

ችግሩ የት ላይ እንደሚመጣ በምሳሌ እንየው። 6 ኪሎ ማስተርሷን የምትሠራ አንዲት ተማሪ ከምዕራፍ 1 እስከ 3 ያለውን ሚያዝያ 22 ቀን ለአማካሪዋ ላከች እንበል። አስተያየቱ የመጣው ሰኔ 5 ነው፤ 43 ቀን ሆኖታል። እሷ በመሃሉ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ምዕራፍ 2ን እንደ አዲስ ጽፋለች፣ ስለ ናሙና አመራረጥ የሚያወራውን ክፍል ከቦታው አንስታለች። አማካሪዋ «ገጽ 41 ላይ ያለው ሁለተኛው አንቀጽ ይውጣ» ብለዋል። አሁን እጇ ላይ ባለው ፋይል ገጽ 41 ላይ ያለው ሠንጠረዥ ነው። የሚያስፈልጋት ሚያዝያ 22 የላከችው ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የ30 ቀን ገደቡን አልፏል።

ይህ እንዳይደርስባችሁ የሚያደርገው Keep forever የምትል አንዲት ትእዛዝ ናት። ግን ብቻዋን አትበቃም፤ አብሯት የሚሄድ አሠራር አለ።

አንድ ፋይል፣ አንድ ስም

ድራይቭ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ፎልደር ክፈቱና ውስጡ አንድ የወርድ ፋይል ብቻ አስቀምጡ። ስሙ አጭርና በእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆን ይሻላል፤ ለምሳሌ thesis.docx። ስሙ ላይ ቀንም፣ ቁጥርም፣ «የመጨረሻ» የሚል ቃልም አትጨምሩ። በየጊዜው በሌላ ስም እንደ አዲስ የሚጫን ሁሉ ለድራይቭ ሌላ ፋይል ነው፤ የቅጂዎቹ ታሪክም እዚያው ይቆረጣል።

አካውንቱ የግላችሁ ጂሜይል ቢሆን እመርጣለሁ። በዩኒቨርሲቲ ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ከተመረቃችሁ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ነፃው 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ የተሰጠ ስለሆነ፣ ስልካችሁ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እየጫነ ከሆነ ሳታስቡት ይሞላል። ሲሞላ አዲስ ፋይል አይጫንም፤ ኢሜይል መቀበልም ይቆማል። አስተያየት በምትጠብቁበት ሳምንት ይህ እንዲገጥማችሁ አትፈልጉም።

የየዕለቱ ሥራ

የዕለቱን ሥራ ስትጨርሱ ወርድን ዝጉት። መዝጋቱ ለደንቡ አይደለም፤ ክፍት ሆኖ የተጫነ ፋይል የመጨረሻዎቹን ለውጦች ላይዝ ይችላል። ከዚያ በኮምፒውተሩ ብራውዘር drive.google.com ገብታችሁ፣ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና File information የሚለውን፣ ቀጥሎም Manage versions የሚለውን ምረጡ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ Upload new version አለ፤ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን thesis.docx በእሱ ጫኑ። ከዝርዝሩ አናት ላይ Current version የሚለው የዛሬውን ቀን ከያዘ ገብቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሳጥኑ የመረጣችሁት ፋይል ትክክለኛው ይሁን ሌላ አያጣራም፤ የሰጣችሁትን ይቀበላል። በተለይ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ thesis (1).docx የሚባል አሮጌ ቅጂ ተኝቶ ከሆነ መሳሳት ቀላል ነው። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ዝርዝሩ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱም እንዲሁ። ሚያዝያ 22 ከቀኑ 9 ሰዓት ከ15 የጫናችሁት እዚያ የሚነበበው Apr 30, 3:15 PM ተብሎ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዱን ቅጂ ከሌላው ለመለየት ስትፈልጉ ይህ ያደናግራል፤ መፍትሔውን ከታች እመለስበታለሁ።

«ለምን በእጅ? ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው የድራይቭ ፕሮግራም በራሱ ያደርገው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያደርገዋል። ግን ወርድ ላይ ባስቀመጣችሁ ቁጥር አዲስ ቅጂ ስለሚልክ፣ መብራት ይሄዳል ብሎ በየደቂቃው Ctrl+S የሚጫን ሰው ቅጂዎቹን ይፈጃቸዋል። በቀን 20 ጊዜ ቢያስቀምጥ 100ው በ5 ቀን ሞላ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ መልካሙን ብቻ ሳይሆን ጥፋቱንም እኩል ያስተላልፋል። ላፕቶፑ ላይ ፋይሉን ብትሰርዙት ድራይቭ ላይ ያለውም ወደ ቆሻሻ መጣያው ይገባል፤ ከዚያም በ30 ቀን ይጠፋል። ፕሮግራሙን መጠቀም ክልክል አይደለም፤ ለአማካሪ የተላከውን ቅጂ ግን ለእሱ አደራ አትስጡት።

የምትልኩበት ቀን

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ረቂቁን ወደ ድራይቭ ከጫናችሁ በኋላ፣ ያው Manage versions ሳጥን ውስጥ ከቅጂው አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና Keep forever በሉት። ከዚህ በኋላ 30 ቀኑም ሆነ 100ው አይነካውም። በዚህ መንገድ ማቆየት የሚቻለው እስከ 200 ቅጂ ስለሆነ ለአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ቢሆንም ለሁሉም አታድርጉት፤ ከሰው እጅ ለገባው ብቻ ይሁን። ዝርዝሩ ሁሉ ከተቆለፈ የተላከው የትኛው እንደሆነ መልሶ ይጠፋችኋል።

ቀጥሎ ያንኑ ቅጂ ከድራይቭ ላይ አውርዱት፣ ክፈቱት፣ መጨረሻ ገጹ ድረስ ውረዱ። ለአማካሪያችሁ በኢሜይል የምታያይዙት ይህንኑ ያወረዳችሁትን ነው። ሁለት ጥቅም አለው፦ ድራይቭ ላይ ያለው በትክክል እንደሚከፈት ታረጋግጣላችሁ፤ የተቆለፈውና የተላከውም አንድ ፋይል እንደሆነ አትጠራጠሩም። የጂሜይል ወሰን 25 ሜጋባይት ስለሆነ፣ ፎቶና ካርታ የበዛበት ጽሑፍ ካላችሁ ወርድ ውስጥ አንዱን ሥዕል ነክታችሁ Compress Pictures የሚለውን ተጠቀሙ። በሞባይል ዳታ ለምትጭኑም ይረዳል።

ሊንክ ብቻ መላክን አልመክርም። አዲስ ቅጂ ስትጭኑ ሊንኩ አይቀየርም፤ ስለዚህ አማካሪያችሁ ሰኞ የከፈቱትና ሐሙስ የከፈቱት ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። «ገጽ 41» የሚባለው ጣጣ በዚያው መልኩ ተመልሶ ይመጣል።

የቀኑ መደናገር መፍትሔው ይህ ነው። እዚያው ፎልደር ውስጥ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱና በላካችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጨምሩ፦

«ሚያዝያ 22 / Apr 30፣ ከቀኑ 9:15። ምዕራፍ 1–3። ለዋና አማካሪ በኢሜይል። 68 ገጽ።»

የገጹን ብዛት መጻፍ ትርፍ ሊመስል ይችላል። ሁለት ቅጂ በአንድ ቀን ከተጫነ ግን የተላከውን የሚለየው እሱ ነው።

አስተያየቱ ሲመጣ

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ሚያዝያ 22ን ቆልፋው ከነበረ፣ ሰኔ 5 ቀን ማስታወሻዋን አይታ ያንን ቅጂ ታወርዳለች፤ ወዲያውም sent-apr30.docx ብላ ስሙን ትቀይረዋለች። የአማካሪዋን ደግሞ advisor-jun12.docx ትለዋለች። ከዚያ ወርድ ውስጥ Review፣ ከዚያ Compare ትገባና የመጀመሪያው ላይ የላከችውን፣ ሁለተኛው ላይ የተመለሰላትን ትሰጠዋለች። ወርድ ልዩነቱን በቀለም ለይቶ በአዲስ ሰነድ ያወጣላታል።

አንዳንድ አማካሪ ዳር ላይ ኮመንት ከመጻፍ በተጨማሪ ምልክት ሳያደርግ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ያርማል። ያ በዓይን አይታይም፤ ንጽጽሩ ግን አንዲት ቃል ብትሆንም ያወጣታል። የተመለሰው ፋይል ውስጥ ምልክት የተደረገበት እርማት ካለ ወርድ «ተቀባይነት እንዳገኘ ቆጥሬ አነጻጽራለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ችግር የለውም፣ እሺ በሉት።

አሁን «ገጽ 41 ሁለተኛው አንቀጽ» የቱ እንደሆነ ታውቋል። ከአንቀጹ አምስት ስድስት ቃል ወስዳ ዛሬ በምትሠራበት ፋይል ውስጥ ትፈልገዋለች። ካገኘችው ታወጣዋለች፤ ካጣችው ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነውና ለአማካሪዋ ያንኑ ትገልጻለች። እርማቶቹን በአንድ ጊዜ ለመቀላቀል መሞከር አያዋጣም፤ ምዕራፍ 2 እንደ አዲስ ስለተጻፈ ቅልቅሉ የማይነበብ ይሆናል። አንድ በአንድ በእጅ ማስገባቱ ይሻላል።

ፋይሉን ድራይቭ ላይ ስትከፍቱት

ድራይቭ ላይ የወርድ ፋይልን ሁለቴ ስትጫኑት በጉግል ዶክስ ይከፈታል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም። እዚያ ያደረጋችሁት ለውጥ ግን በራሱ ስለሚቀመጥ፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውና ድራይቭ ላይ ያለው ይለያያሉ፤ ማታ ስትጭኑ በስልክ ያረማችሁት ከላይ አይኖርም። የገጽ አሰላለፍና ፊደልም ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ።

ከመጀመሪያው በጉግል ዶክስ የምትጽፉ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። File ውስጥ Version history፣ ከዚያ Name current version ገብታችሁ በምትልኩበት ቀን ለቅጂው ስም ስጡት። በአንድ ሰነድ እስከ 40 ስም መስጠት ይቻላል። ስም ያልተሰጣቸው ቅጂዎች ከጊዜ ጋር ሊዋሃዱ ይችላሉ።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ

6 ኪሎና 4 ኪሎ አካባቢ ባሉት ማተሚያና ኮፒ ቤቶች ኮምፒውተር ላይ የድራይቭ አካውንታችሁን አትክፈቱ። የምትታተመዋን ቅጂ ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ሆናችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯት፤ የአማርኛው ፊደል እዚያ ኮምፒውተር ላይ ባይኖርም ገጹ አይዛነፍም። ፒዲኤፉን በፍላሽ ውሰዱት፣ ግን ፍላሹ ላይ ሌላ ምንም አይኑር። ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ እንደዚህ ባሉ ብዙ ሰው በሚፈራረቅባቸው ማሽኖች ላይ የተለመደ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላም ፍላሹን ፎርማት ሳታደርጉ ከላፕቶፓችሁ ላይ ምንም አትገልብጡበት።