መነሻው ዜሮ ወይም ኪሳራ ሲሆን ፐርሰንት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት ቅርንጫፎችን ወርሃዊ ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። አንድ ወር ላይ ከአንዱ ቅርንጫፍ ትይዩ «200%» የሚል ቁጥር በአረንጓዴ ወጣ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። የቅርንጫፉ ሒሳብ ግን ይህ ነበር፦ ባለፈው ወር 20,000 ብር ከስሯል፣ በዚህኛው ወር ደግሞ 60,000 ብር ከስሯል። ኪሳራው ሦስት እጥፍ ደርሶ እኛ እያጨበጨብን ነበር።

ኤክሴል ስሌቱን አልተሳሳተም። ቀመሩ ከአዲሱ ቁጥር ላይ የድሮውን ይቀንሳል፣ ልዩነቱን ለድሮው ያካፍላል። ልዩነቱ −40,000 ነው፣ መነሻው −20,000 ነው። ኔጌቲቭ ለኔጌቲቭ ሲካፈል ፖዘቲቭ ይሆናል፤ 2 ወጣ፣ ማለትም 200%። ጥፋቱ እንዲህ ላለ መነሻ ይህን ቀመር መጠቀሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ከዜሮ ሲነሳ «100% አደገ» ብሎ መጻፍ

አንድ አዲስ ዕቃ ባለፈው ወር ምንም አልተሸጠም፣ በዚህ ወር 45 ተሸጠ እንበል። ስንት ፐርሰንት አደገ? ብዙ ሰው «ከምንም ተነስቶ ስለሆነ 100% ነው» ይላል። ግን 100% አደገ ማለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የዜሮ እጥፍ ዜሮ ነው። ዜሮን በሺህም ብታባዙት በሚሊዮንም ብታባዙት 45 አይሆንም። ስለዚህ ለጥያቄው መልስ የሚሆን ፐርሰንት የለም። ቁጥሩ በጣም ትልቅ ስለሆነ አይደለም፣ ጭራሹኑ ስለሌለ ነው። ኤክሴልም `#DIV/0!` የሚለው ለዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሰንጠረዡን ያበላሻል ብለው ብዙዎች በ `IFERROR` ወደ 0 ይቀይሩታል። ይሄ ከመጀመሪያው ይብሳል። 0% ማለት «ምንም ለውጥ የለም» ማለት ነው። በወሩ ውስጥ አዲስ ነገር የታየበት መስመር ምንም ያልተለወጠ መስሎ ያልፋል። እንዲህ መጻፍ ይበቃል፦ «ባለፈው ወር 0፣ በዚህ ወር 45፤ አዲስ»።

እግረ መንገዴን፣ ኤክሴል ባዶ ሴልንም በስሌት ውስጥ እንደ ዜሮ ነው የሚያየው። ገና ያልተከፈተ ቅርንጫፍና ተከፍቶ ምንም ያልሸጠ ቅርንጫፍ አንድ አይደሉም፤ ሴሉ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቁ።

መነሻው ኔጌቲቭ ሆኖ ቀመሩን እንዳለ መተው

በኔ ሪፖርት ላይ የኪሳራ መባባስ ዕድገት መሰለ። ተቃራኒውም አለ። 50,000 ብር ከስሮ የነበረ ሱቅ በሚቀጥለው ወር 30,000 አተረፈ እንበል። ሱቁ በ80,000 ብር ተሻሽሏል። ቀመሩ ግን 80,000ን ለ−50,000 አካፍሎ −160% ይላል። ከኪሳራ የወጣ ሰው በቀይ ይጻፍበታል።

ይህ በዓለም ገበያም የታየ ነው። በ2020 ኮሮና ሲገባ ነዳጅ ፈላጊ አጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ ግዛት ኩሺንግ የሚገኙት የነዳጅ ማከማቻዎችም እየሞሉ ሄዱ። በፈረንጆች ሜይ ወር የሚረከብ ድፍድፍ ነዳጅ ውል የያዙ ነጋዴዎች ውሉ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ነዳጁን የት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው። ውሉን ለሚወስድላቸው ገንዘብ እስከ መክፈል ደረሱ። በፈረንጆች ኤፕሪል 17 በርሜሉ በ18.27 ዶላር የተዘጋው ውል፣ ቀጣዩ የገበያ ቀን በሆነው ኤፕሪል 20 በ−37.63 ዶላር ተዘጋ። ለውጡ −306% ገደማ ነው። መነሻው ፖዘቲቭ ስለሆነ አቅጣጫው ልክ ነው። ከ100% በላይ መውረዱም ዋጋው ዜሮን አልፎ እንደሄደ ይነግረናል።

ጉዱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ኤፕሪል 21 ውሉ በ10.01 ዶላር ተዘጋ። ዋጋው በ47.64 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ቀመሩን ብትጠይቁት ግን −127% ገደማ ይላችኋል። በሁለቱ ቀናት ዋጋው አንዴ ወርዶ አንዴ ወጥቷል፤ በፐርሰንት ካየነው ግን ሁለቱንም ቀን ወርዷል።

ይህን ስህተት መያዝ ቀላል ነው። የልዩነቱን ዓምድ ከፐርሰንቱ ዓምድ ጎን አስቀምጡ። የሁለቱ ምልክት የማይስማማበት መስመር ሁሉ መነሻው ኔጌቲቭ ነው።

ምልክቱን በ `ABS` አስተካክሎ «ተፈታ» ማለት

ብልጥ የሚመስለው መፍትሔ ይህ ነው፦

```
=(B2-A2)/ABS(A2)
```

የመነሻውን የኔጌቲቭ ምልክት ያጠፋል። ያ ሱቅ አሁን +160% ይሆናል፣ የኔ ቅርንጫፍም −200%። አቅጣጫው ተስተካከለ። እኔም ለተወሰነ ጊዜ በዚህ ስሠራ ነበር።

ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ሁለት ሱቆችን አስቡ። አንደኛው ከ50,000 ብር ኪሳራ ተነስቶ 30,000 አተረፈ። ሁለተኛው ከ1,000 ብር ኪሳራ ተነስቶ ያንኑ 30,000 አተረፈ። የመጀመሪያው በ80,000 ብር፣ ሁለተኛው በ31,000 ብር ተሻሽለዋል። በ`ABS` ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 160% ሲያገኝ ሁለተኛው 3,100% ያገኛል። ብዙ የለፋው ወደ ኋላ ቀረ። በዚህ ቁጥር ቅርንጫፎችን በደረጃ ብትደረድሩ ወይም ጉርሻ ብታከፋፍሉ ሰው ትበድላላችሁ። መነሻው ፖዘቲቭ ሆኖ ለዜሮ ሲቀርብም ያው ነው፤ ከ1,000 ብር ትርፍ ወደ 30,000 መሄድ 2,900% ነው፣ ስለ ሱቁ ግን ብዙም አይነግረንም።

ስለዚህ አሁን መነሻው ከዜሮ ካልበለጠ ፐርሰንት አልጽፍም፦

```
=IF(A2>0,(B2-A2)/A2,"—")
```

ከሰረዙ ጎን ልዩነቱን በብር አስቀምጣለሁ፣ «ከኪሳራ ወደ ትርፍ» ወይም «ኪሳራው ጨመረ» ብዬም በቃል እጽፋለሁ።

አካፋዩን አለመቀየር

አለቃ «እኔ ፐርሰንት ነው የምፈልገው» ካለስ? ያኔ ትርፉን ካለፈው ወር ትርፍ ጋር ሳይሆን ከራሱ ወር ሽያጭ ጋር አነጻጽሩት። ሽያጭ ከትርፍ በተለየ ከዜሮ በታች አይወርድም ማለት ይቻላል። 50,000 የከሰረው ሱቅ በዚያ ወር 400,000 ብር ሸጦ ከነበረ ኪሳራው የሽያጩ 12.5% ነው። በሚቀጥለው ወር 500,000 ሸጦ 30,000 ካተረፈ ትርፉ የሽያጩ 6% ነው። ከ−12.5 ወደ 6 ሄደ፤ በ18.5 የመቶኛ ነጥብ ተሻሻለ ማለት ነው። «በ18.5 ፐርሰንት አደገ» እንዳትሉ፤ እዚህ ላይ ቀንሰናል እንጂ አላካፈልንም።

በዚህ መንገድ ትልቁንም ትንሹንም ሱቅ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የማይሠራው በወሩ ምንም ሽያጭ ካልነበረ ነው። ገና ኪራይ እየከፈለ በሩን ያልከፈተ ቅርንጫፍ ካለ የወጣውን ብር ብቻ ጻፉለት።