ለሲኒየር አካውንታንት ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈሬ ልጅ ሲቪውን ይዞ ቤት መጣ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ዘንድ አራት ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት ሠርቷል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ሲኒየር አካውንታንት እንደሚፈልግ በቴሌግራም አይቷል። «ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት እስቲ ይዩልኝ» አለኝ።

ማስታወቂያው የተለመደ ዓይነት ነው። የአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ከዲግሪ በኋላ 4 ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪና ኤክሴል፣ የአይኤፍአርኤስ ዕውቀት ይላል። ኤሲሲኤ የጀመረ «ይመረጣል» ይላል። ከሥር ደግሞ የሥራው ዝርዝር አለ፦ ወርሃዊ ሪፖርት ለፋይናንስ ኃላፊው ማቅረብ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ ግብር ማሳወቅ፣ ሁለት ጁኒየሮችን መቆጣጠር።

እኔ ለዓመታት ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሲቪ ሳጣራ ቆይቻለሁ። በልጁ ሲቪ ላይ ያየኋቸው ስህተቶች ሌሎች ሲቪዎች ላይም በተደጋጋሚ ያየኋቸው ናቸው።

ከሥራው ዝርዝር ይልቅ መስፈርቱን ብቻ ማንበብ

ልጁ ሲቪውን ያዘጋጀው ከላይ ላሉት መስፈርቶች ብቻ መልስ እየሰጠ ነበር። ዲግሪው ከላይ፣ ሶፍትዌሩ ቀጥሎ፣ የሠራው ሥራ ደግሞ መጨረሻ ላይ በሦስት መስመር። ዲግሪና የልምድ ዓመት በር መግቢያ ናቸው። ያመለከተው ሁሉ ማለት ይቻላል ያሟላቸዋል። ከበሩ ወዲያ ሰው ከሰው የሚለየው በሥራ ዝርዝሩ ነው። ስለዚህ የሥራ ልምዱን ወደ ላይ አመጣነውና ነጥቦቹን በማስታወቂያው የሥራ ዝርዝር ቅደም ተከተል አስቀመጥናቸው።

«ሪፖርት አዘጋጃለሁ» ብሎ ማለፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ልጁ «የድርጅቱን ዓመታዊ የሂሳብ መግለጫ አዘጋጃለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። «የተሽከርካሪዎቹን የእርጅና ቅናሽ ማነው የሚያሰላው?» አልኩት። «ከውጭ የሚመጣ የሂሳብ ባለሙያ ነው» አለኝ። የመዝጊያ ማስተካከያዎቹንም የሚሠራው እሱ ነው። ልጁ ሂሳቡን እስከ ትራያል ባላንስ አድርሶ ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ለማወቅ እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ያኔ እውነት የሆነውም ቀሪው ነገር አብሮ ይጠረጠራል።

ስለ እያንዳንዱ ሪፖርት አራት ነገር ይጻፍ፦ የትኛው ሪፖርት እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ የእርስዎ ድርሻ የት እንደሚያበቃ። ማዘጋጀት፣ ማመሳከርና ማጽደቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የልጁ መስመር እንዲህ ሆነ፦ «በየወሩ ትራያል ባላንስና የተሰብሳቢ ሂሳብ ዝርዝር አዘጋጅቼ ለሥራ አስኪያጁ አቀርባለሁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ለማስተካከያ ለውጭ የሂሳብ ባለሙያ አስረክባለሁ።» ከበፊቱ ያነሰ ይመስላል። ግን ሙሉ በሙሉ ሊያስረዳው ይችላል።

የሚገርመው፣ እውነተኛው ጥንካሬው ሲቪው ላይ «ታክስ» በምትል አንዲት ቃል ተቀብሮ ነበር። ለአራት ዓመት ቫቱን፣ ዊዝሆልዲንጉን፣ የደመወዝ ግብሩንና ጡረታውን በየወሩ ብቻውን አሳውቋል። ይህ ማስታወቂያው ላይ ራሱን ችሎ የተጠየቀ ሥራ ነው። ስለዚህ አራቱንም በስማቸው ጻፍናቸው፤ ስሌቱንም እንዲያስታውስ ነገርኩት። ለምሳሌ የግል ድርጅት ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብር ለሆነ ሰው 700 እና 1,100፣ በድምሩ 1,800 ብር ገቢ ይደረጋል። አንድን ነገር ሲቪው ላይ ካሰፈሩ ይህን ያህሉን ሳይንተባተቡ መናገር አለብዎት።

ሁለት ጁኒየር መቆጣጠር የሚለውን ግን አላሟላም። የገንዘብ ያዧን የዕለት ቆጠራ ከደረሰኝ ጋር ያመሳክራል እንጂ ማንም በሥሩ አልሠራም። ልክ እንደዚያው ጻፍነው። አንድ ክፍተት ያለበት ሰው ይታለፋል ማለት አይደለም፤ የተሞላ የሚመስል ክፍተት ግን ያስጥላል።

«ፒችትሪ፦ በጣም ጥሩ»

«በጣም ጥሩ» ምንም አይነግረኝም። በፒችትሪ ሽያጭ ብቻ መመዝገብ አለ፤ ግዥ፣ ስቶክና ደመወዝ መያዝ አለ፤ ድርጅቱን ከባዶ መክፈት ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው። ከባዶ የከፈተ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 8 ይጀምራል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት የፈረንጅ ወሮችን ተከትሎ እንዲሄድ ከተደረገ የሐምሌ ሂሳብ ለሁለት ወር ይከፈላል። ወርሃዊ ሪፖርቱም ለግብር ከሚቀርበው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከካሌንደር ወር ጋር የማይሄደውን አማራጭ መርጦ ቀኖቹን በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ሠርተው ከሆነ በአንድ መስመር ይጻፉት፤ ያነበበው ባለሙያ ወዲያው ይገባዋል።

ልጁ አልከፈተም። ስለዚህ «ሽያጭ፣ ግዥ፣ ስቶክና ደመወዝ በየቀኑ እመዘግባለሁ፤ ሦስት የባንክ ሂሳቦችን በየወሩ አስታርቃለሁ» አልን። አንድ ነገር ደግሞ አስጠንቅቄዋለሁ። የአከፋፋይ ስቶክ የተገዛና የሚሸጥ ዕቃ ነው። ፋብሪካ ግን ጥሬ ዕቃ፣ በሂደት ላይ ያለ ምርትና ያለቀ ምርት አለው። ሶፍትዌሩ ያው ሆኖ ሥራው ይለያል። «የፋብሪካ ስቶክ አልያዝኩም» ማለትን እንዳይፈራ ነገርኩት።

ኤክሴልም እንዲሁ ነው፤ የሚሠሩበትን ነገር ይጻፉ። ልጁ ከ60 ቀን በላይ ያልተከፈሉ ዱቤዎችን በ`SUMIFS` በየደንበኛው ይለያል። እሱን ጻፈ።

የምስክር ወረቀትን ከመጠኑ በላይ መጻፍ

ሲቪው ላይ ከስሙ ሥር «ኤሲሲኤ» የሚል ነበር። ኤሲሲኤ 13 ፈተና ነው፤ ልጁ ያለፈው ሁለት ነው። ማስታወቂያው «የጀመረ ይመረጣል» ነው ያለው። ስለዚህ ያለፋቸውን ሁለቱን በስማቸው መጻፍ ይበቃዋል። እንዲያውም ጥያቄውን በትክክል የሚመልሰው እሱ ነው።

አይኤፍአርኤስም ሁለት መልክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች ሙሉውን ሲጠቀሙ፣ አነስተኛና መካከለኛዎቹ ለእነሱ የተዘጋጀውን ይጠቀማሉ። የልጁ የአምስት ቀን ሥልጠና ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በተዘጋጀው ላይ ነበር። የቀኑን ብዛትም ዓይነቱንም ጻፈ።

ሲቪውና የልምድ ደብዳቤው ሳይገጥሙ መላክ

ሲቪው «ፋይናንስ ኃላፊ» ይላል፤ የአሠሪው ደብዳቤ «የሂሳብ ሠራተኛ» ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አጣሪ ሌላውን ለማንበብ ትዕግሥት አይኖረውም። የደብዳቤውን መጠሪያ ይጠቀሙ። በተጨማሪም ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ላይ የሥራ ግብር መከፈሉ እንዲገለጽ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። የልጁ ደብዳቤ ይህ መስመር አልነበረውም፤ የጀመረበት ቀንም ወርና ዓመት ብቻ ነበር። ማመልከቻው ሊዘጋ አራት ቀን ይቀረው ስለነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ሲቪውን ከማተሙ በፊት ደብዳቤውን ለማስተካከል ወደ አለቃው ሄደ።