«አስቸኳይ ሽያጭ፣ ከአገር ልወጣ ስለሆነ»፦ ላፕቶፕ የሚሸጥ ተማሪ ማስታወቂያው ላይ የሚሠራቸው ስህተቶች

ለማስተርስ ወደ ቡዳፔስት ከመሄዴ በፊት ላፕቶፔን ሸጬ ነበር። ማስታወቂያውን የጻፍኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ይኸው፦

«አስቸኳይ ሽያጭ! ከአገር ልወጣ ስለሆነ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840፣ ኮር አይ 5፣ ራም 8። በጣም ንጹሕ፣ ባትሪው አሪፍ፣ ብዙም ያልተሠራበት። ዋጋ በውስጥ መስመር።»

አራት ቀን ሙሉ ስልኬ አላረፈም። የረባ ገዢ ግን አልመጣም። አሁን ሳየው ጥፋቱ የገዢዎቹ አልነበረም።

«አስቸኳይ፣ ከአገር ልወጣ ስለሆነ»

ይሄን ያነበበ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ነው የምትበረው?» ነበር። እኔ የዋህ ደግሞ «ዓርብ» እላለሁ። ከዚያ ሰውየው ይጠፋል፣ ሐሙስ ማታ ይደውላል፣ የጠየቅኩትን ግማሽ ይጠራል። ምን ያድርግ፣ ዕቃው በእጄ እንደማይቆይ ራሴ ነግሬዋለሁ።

ሌላም ጣጣ አለው። ገዢው «ይሄ ልጅ ነገ የለም፣ ዕቃው ቢበላሽ ማንን እጠይቃለሁ?» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ልክ ነው። ከሱቅ ቢገዛ ቢያንስ ተመልሶ የሚጨቃጨቅበት በር አለ።

ስለዚህ መሄዳችሁን መደበቅ ሳይሆን የበረራውን ቀን በርክክብ ቀን መተካት ነው። «ከነሐሴ 10 ጀምሮ ማየት ይቻላል፣ ርክክብ እስከ ነሐሴ 18» ብላችሁ ጻፉ፤ በረራችሁ 25 ከሆነ ያቺ አንድ ሳምንት የእናንተ መተንፈሻ ናት። ላፕቶፑን ለቪዛና ለዩኒቨርሲቲ ወረቀቶች እስከ መጨረሻው የምትፈልጉት ከሆነም ማየትና መረከብ በተለያየ ቀን መሆኑን ቀድሞ መናገር ነው። ቀብድ ተቀብሎ ለሁለት ሳምንት «ቆይ» ማለት ያጣላል።

«ኮር አይ 5»

ይሄ ብቻውን ምንም አይናገርም። ኤሊትቡክ 840 ራሱ ብዙ ዓይነት ነው። ጂ3 የሚባለው ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አለው፣ ጂ5 ደግሞ በአብዛኛው ስምንተኛ። ከውጭ ሲታዩ ብዙም አይራራቁም፤ በሥራ ግን የጂ3ው አይ 5 ሁለት ኮር ነው፣ ስምንተኛ ትውልድ የሆነው የጂ5ቱ አራት። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የእኔ ጂ5 ነበር። ያቺን ሁለት ፊደል ባለመጻፌ ሰው ሁሉ የጂ3 ዋጋ ይሰጠኝ ነበር።

ትውልዱን ለማወቅ የዊንዶውስ ፍለጋ ላይ `msinfo32` ብላችሁ ጻፉና ፕሮሰሰር የሚለውን መስመር እዩ። የእኔ `i5-8250U` ይላል። ከሰረዙ በኋላ ያለው 8 ትውልዱ ነው። `i5-1135G7` ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ነው የምታነቡት፣ አስራ አንደኛ። ስሙን እንዳለ ገልብጡት፤ የሚያውቅ ገዢ ራሱ ይፈታዋል።

ማከማቻውም እንደዚያው ነው። «256 ጂቢ» ብቻ አትበሉ። ኤስኤስዲ ይሁን የድሮው ሃርድ ዲስክ ካልጻፋችሁ ገዢው የከፋውን ነው የሚገምተው።

«ባትሪው አሪፍ ነው»

ሁሉም ሻጭ የሚለው ስለሆነ ማንም አያምነውም። ማረጋገጫው ግን ዊንዶውሱ ውስጥ ተቀምጧል። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ይሄን ጻፉ፦

```
powercfg /batteryreport
```

አንድ ፋይል ይሠራል፣ የት እንዳስቀመጠውም ይነግራችኋል። በብራውዘር ስትከፍቱት ሁለት ቁጥር ፈልጉ። `DESIGN CAPACITY` ባትሪው አዲስ ሳለ እንዲይዝ የተሠራው መጠን ነው። `FULL CHARGE CAPACITY` ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። የእኔ 50,000 እና 36,000 አካባቢ ነበር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት 72 በመቶ ይመጣል።

ይሄ በሰዓት ምን ማለት ነው? 36,000 ሚሊዋት ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ነው። ዎርድና ብራውዘር ብቻ ከፍቼ ስሠራ ማሽኑ 9 ዋት ገደማ ይበላ ነበር፣ ስለዚህ አራት ሰዓት። ፊልም ወይም የቪዲዮ ስብሰባ ከሆነ ያንሳል። እኔም «72 በመቶ፣ ለቀላል ሥራ አራት ሰዓት ገደማ» ብዬ ጻፍኩና የሪፖርቱን ፎቶ አያያዝኩ። 72 ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ገዢ ያባርራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የመጣው ሰው ግን ስለ ባትሪው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

አንዳንዴ ሪፖርቱ ሁለቱን ቁጥር እኩል ያሳያል፣ ማሽኑ ግን በሰዓት ተኩል ይጠፋል። ያኔ ሪፖርቱን ትታችሁ በሰዓት ለክታችሁ ጻፉ።

«ንጹሕ»

የእኔ ክዳን ጥግ ላይ የተላጠች ቦታ ነበረች፣ የግራው ዩኤስቢ ደግሞ ላላ ያለ። «ንጹሕ» ብዬ ስለጻፍኩ አንዱ ከቃሊቲ ድረስ መጥቶ ዩኤስቢውን ነካ ነካ አደረገና ሦስት ሺህ ብር ቀነሰ፤ እውነት ለመናገር የቀነሰው ለዩኤስቢው ሳይሆን «ሌላስ ምን ደብቀሃል» ብሎ ነው። ጉድለቱን ቀድማችሁ በፎቶ ስታሳዩ ዋጋው ውስጥ የተቆጠረ ይሆናል፣ ሰውም የሚመጣው አውቆት ነው። ቻርጀሩ ኦርጅናል ካልሆነ እሱንም ተናገሩ።

ከድርጅት የወጣ ማሽን ከሆነ ባዮሱ ላይ፣ ማለትም ከዊንዶውሱ በፊት በሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም ላይ፣ የይለፍ ቃል ሊኖር ይችላል። ኤችፒ ላይ ሲነሳ F10 ተጫኑና አረጋግጡ። ገዢው ይሄን የሚያገኘው እናንተ አውሮፕላን ውስጥ ስትሆኑ ነው።

«ዋጋ በውስጥ መስመር»

ሃምሳ ሰው «ስንት ነው?» ይላችኋል፣ አርባ ዘጠኙ ይጠፋል። ዋጋውን ጻፉት፣ ለድርድር ትንሽ ክፍተት ተዉ፣ በቃ።

ሁለተኛው ማስታወቂያዬ እንዲህ ሆነ፦

«ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ 14 ኢንች። ፕሮሰሰር i5-8250U (ስምንተኛ ትውልድ)፣ ራም 8 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ 256 ጂቢ፣ ዊንዶውስ 11። ባትሪ 72 በመቶ፣ ለቀላል ሥራ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሪፖርቱ ፎቶው ላይ አለ። ጉድለት፦ ክዳኑ ጥግ ላይ ተልጧል፣ የግራው ዩኤስቢ ላላ ይላል (ፎቶ 4 እና 5)። ቻርጀሩ ኦርጅናል ነው። ባዮስ ላይ የይለፍ ቃል የለም። 38 ሺህ ብር፣ ትንሽ ድርድር አለው። መገናኛ አካባቢ ካፌ ውስጥ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ሞክሩት። ማየት ከነሐሴ 10፣ ርክክብ እስከ 18። ፋይሎቼን አጥፍቼ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጀምሬ ፊታችሁ አስረክባለሁ። ከዚያም በኋላ ጥያቄ ካለ በቴሌግራም እመልሳለሁ።»

በሦስተኛው ቀን አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ ከወንድሟ ጋር መጥታ አንድ ሰዓት ሞከረችው፣ በ36 ሺህ ተስማማን። ላፕቶፑን የሰጠኋት ገንዘቡ መግባቱን የባንክ አካውንቴን ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው፤ የሚያሳዩኝን የመልእክት ፎቶ ብቻ ማመን ሊያስቆጨኝ ይችል ነበር።

አንድ ስህተት ግን ሁለተኛውም ላይ ሠርቻለሁ። ስልኬ ሊዘጋ ነው ብዬ የእህቴን ቁጥር አስገባሁ፣ ከሸጥኩ በኋላ ደግሞ ማስታወቂያውን ማጥፋት ረሳሁ። እኔ ቡዳፔስት ገብቼ ትምህርት ጀምሬ እህቴ አዲስ አበባ ላይ «ላፕቶፑ አለ?» የሚል ስልክ እስከ ጥቅምት ስትመልስ ነበር።