በስልክ የተነገረኝን ደሞዝ በኢሜይል እንዴት አስጨመርኩ

«60,000 ብር፣ ግሮስ» አለችኝ ከቅጥር ክፍል የደወለችው ልጅ። አመስግኜ «ዝርዝሩን በኢሜይል ይላኩልኝና ነገ እመልሳለሁ» አልኳት። ስልክ ላይ እሺም እምቢም አላልኩም። ማታ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ሥራውን በጣም ፈልጌዋለሁ። መነሻ ደሞዙ 70,000 ከሆነ ወዲያው እፈርማለሁ። ካልተቻለ ግን የሕክምና ሽፋኑ ቤተሰቤንም ይጨምርልኝ።»

ቁጥሩን ሆን ብዬ አንድ አደረግኩት። «ከ65 እስከ 70» ከተባለ ታችኛውን ነው የሚይዙት። መልሱ 65,000 ሆነ፤ ሕክምናውም ለባለቤቴና ለልጆቼ ተፈቀደ። ጭማሪው 5,000 ይባል እንጂ 35 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ሲቆረጥ እጄ የሚገባው 2,900 ነው። የጠቀመኝስ ሕክምናው ነው። ሁለቱም የቅጥር ደብዳቤው ላይ መስፈራቸውን ሳላይ ግን የነበርኩበትን ሥራ አልለቀቅኩም።